የሳይት ሪፖርቴ ላይ ለ፣ ጉዎ እና ጀ ተምታቱብኝ፣ ለነገ ጠዋት ነው!

ሳይት_አስተርጓሚ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ አስቸኳይ ነው። ዛሬ ያስገባሁትን የቻይንኛ ሪፖርት ሥራ አስኪያጁ አምስት ቦታ በቀይ አስምሮ መለሰልኝ። ምኑ እንደተበላሸ አልነገረኝም። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አስተካክዬ መስጠት አለብኝ። ችግሩ 了 ማለትም ለ፣ 过 ማለትም ጉዎ እና 着 ማለትም ጀ ላይ እንደሆነ ይገባኛል፣ የትኛው የት እንደሚገባ ግን ጠፍቶብኛል።

1. 昨天我们浇过四十立方混凝土。
2. 今天没来了两个工人。
3. 仓库的门开了。
4. 工程师去过工地。
5. 上个月我们每天下午开了会。

ጓንግዡ_በር፦ ቀላል ነው እህቴ። ለ ያለፈ ጊዜ፣ ጉዎ ከዚህ በፊት የተደረገ፣ ጀ አሁን እየተደረገ ያለ ነው። ድርጊቱ ካለፈ ለ ጨምሪበት፣ አለቀ። 1ኛውን 浇了 አድርጊው። 5ኛው ያለፈ ወር ስለሆነ ምንም ስህተት የለበትም፣ አስኪያጁ ነው የተሳሳተው።

ቀለም_ቀንድ፦ 1ኛው ላይ ልክ ነህ ወንድሜ፣ 5ኛው ላይ ግን አይደለህም፣ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው። ለ ያለፈ ጊዜ ምልክት ቢሆን ኖሮ ስለ ነገ በሚያወራ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባልገባ ነበር። 明天下了班我给你打电话 ሲባል «ነገ ከሥራ ስወጣ እደውልልሃለሁ» ማለት ነው፣ ለው ግን ቁጭ ብሏል። የሚናገረው ድርጊቱ ተፈጽሞ መዘጋቱን ነው። ባለፈው ወር በየቀኑ ይደረግ የነበረ ስብሰባ ደግሞ ልማድ እንጂ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የተዘጋ ነገር አይደለም። ስለዚህ 上个月我们每天下午开会 ብቻ ይበቃል፣ ጊዜውን 上个月 ራሱ ተናግሮታል። 每天 ወይም 常常 ካየሽ ለን ከማስገባትሽ በፊት ቆም በይ።

3 እና 4 ላይ ግን ምን ማለት ፈልገሽ ነበር? እሱን ሳላውቅ ማረም አልችልም።

ሳይት_አስተርጓሚ፦ 3ኛው የስቶሩ በር ተከፍቷል ለማለት ነው፣ ማታ ጠባቂው ሳይቆልፈው ሄዶ እስካሁን ክፍት ነው። 4ኛው ኢንጂነሩ ሳይት ሄዷል፣ አሁን እዚያ ነው።

ቤጂንግ_ተመላሽ፦ 1ኛው 浇了 ነው።

ደጃች፦ ጠባቂው ይህን ገጽ ካነበበ ዛሬ ማታ ቁልፉን አቅፎ ነው የሚያድረው። ለማንኛውም ምክሬ ይሄ ነው፦ አማርኛን እርሺው። ቻይንኛን በአማርኛ እያሰቡ ነው ሁሉም የሚበላሸው። ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ሸምድጂ።

ቀለም_ቀንድ፦ አልስማማም። አማርኛ አንዱን ምልክት በነፃ ይሰጣታል፣ አንዱን ደግሞ ይሸፍንባታል። የቱን እንደሆነ ካወቀች ትጠቀምበታለች።

በነፃ የሚሰጣት ጉዎን ነው። «ሄዶ ያውቃል» 去过 ነው፣ «ሄዶ አያውቅም» 没去过 ነው። አማርኛው «ሄዶ ያውቃል» ወይም «ሄዶ ነበር» ዓይነት ካልሆነ በአብዛኛው ጉዎ አታስገቢ። «ትናንት 40 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ሞልተን እናውቃለን» የሚል ሰው የለም። መጠኑ ተቆጥሮ የተጠናቀቀ ሥራ ስለሆነ 昨天我们浇了四十立方混凝土 ይሆናል። በዚህ መንገድ ስታይው 4ኛው ለምን እንደተሰመረበትም ይገባሻል። 工程师去过工地 ያለው ሰው ኢንጂነሩ ሄዶ ተመልሷል እያለ ነው፣ ስለዚህ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ይፈልገዋል። አሁንም እዚያው ካለ 工程师去工地了 በይ።

የሚሸፍንባት ጀን ነው። «በሩ ተከፍቷል» ስንል ሁለት ነገር ማለት እንችላለን፦ ተዘግቶ የነበረው አሁን ተከፈተ፣ ወይም እንደተከፈተ ነው። ቻይንኛ ሁለቱን ይለያቸዋል። የመጀመሪያው 门开了 ፣ ሁለተኛው 门开着 ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ግሡን ወደ «እንደ… ነው» ቀይሪው። «በሩ እንደተከፈተ ነው» ብለሽ ሐሳብሽ ካልተለወጠ ጀ ይገባል። «መኪናው እንደቆመ ነው» 车停着 ፣ «ሰውየው እንደተቀመጠ ነው» 他坐着 ይሆናል። ስለዚህ 3ኛው 仓库的门开着 ነው።

ሐዋሳ_ፓርክ፦ ጀ «እየ» አይደለም እንዴ? እኔ «እየ» ባየሁ ቁጥር ጀ ነው የማስገባው።

ቀለም_ቀንድ፦ ለ«እየ» መጀመሪያ የሚታሰበው 在 ነው። በደህንነት ሪፖርት ላይ ልዩነቱ ከባድ ነው። 工人戴着安全帽 ካልክ ሠራተኛው ሄልሜቱን አድርጓል፣ ጭንቅላቱ ላይ ነው። 工人在戴安全帽 ካልክ ገና እያጠለቀ ነው። አማርኛው «አድርጓል» ሲል ጀ የሚመጣው ለዚህ ነው። «እየ» ከጀ ጋር የሚሄደው በአብዛኛው አንዱ ድርጊት ሌላውን ሲያጅብ ነው፣ ለምሳሌ 他笑着说 ፣ «እየሳቀ ተናገረ»።

ጓንግዡ_በር፦ እሺ፣ 5ኛውን ተቀብያለሁ። 2ኛውን ግን ማንም አልነካውም። 没 ካለ ለ ይወጣል፣ ሁልጊዜ። ያልተፈጸመ ነገር ስለማይዘጋ ነው። 今天有两个工人没来 በይ። ጉዎ ግን ከ 没 ጋር ይቆያል፣ 没来过 ካልሽ ጭራሽ መጥተው አያውቁም ማለት ይሆናል። ዛሬ ለቀሩ ሠራተኞች እንዳትጽፊው፣ ደሞዛቸው ላይ ጣጣ ያመጣል።

ቻንግሻ_ነጋዴ፦ «ሁልጊዜ» አትበል። 他三天没来了 ይባላል፣ «ከመጣ ሦስት ቀን ሆነው» ማለት ነው። 没 አለ፣ ለም አለ።

ቀለም_ቀንድ፦ ትክክል። ያኛው መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ለ ነው፣ እዚያ ላይ የሚናገረው እስካሁን የደረሰበትን ሁኔታ ነው። ግሡን ተከትሎ የሚመጣው ለ ግን ከ 没 ጋር አይቀመጥም። ሳይት አስተርጓሚ፣ ይሄ የቦታ ነገር ለአንቺም ይጠቅምሻል። 浇了四十立方 ካልሽ 40 ተሞልቶ አብቅቷል። 浇了四十立方了 ካልሽ ግን እስካሁን 40 ደርሷል፣ ሥራውም ገና ይቀጥላል ብሎ አስኪያጁ ይረዳዋል። ቀኑን ሙሉ የሚሞላ ስላብ ከሆነ በቀትር ሪፖርት ሁለተኛውን፣ በማታው የመጀመሪያውን ጻፊ።

አንቀጽ_ጠያቂ፦ ቅጽ ላይ 结过婚 ብዬ ሞልቼ ነበር፣ ባለትዳር ነኝ ለማለት። ችግር አለው?

ቻንግሻ_ነጋዴ፦ አለው። 结过婚 «አግብቼ ነበር» ነው፣ ሰው ሲያነበው ትዳሩ እንደፈረሰ ይገምታል። አሁን በትዳር ካለህ 已婚 ብለህ ሙላ። ሲጠይቁህ ደግሞ 结婚了 በል።

ቤጂንግ_ተመላሽ፦ ጉዎ ቁርጥ ካለ ቀን ጋር አይሄድም፣ 昨天 ካለ ጉዎ የለም። ይህን ብቻ ብትይዥ ይበቃሻል።

ቀለም_ቀንድ፦ አይበቃም። 今天上午质检员来过 ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የጥራት ተቆጣጣሪው ጠዋት መጥቶ ነበር፣ አሁን የለም። 1ኛውን ያበላሸው ቀኑ አይደለም፤ ሪፖርቱ የሚፈልገው ምን ያህል ሥራ እንዳለቀ ነው፣ ጉዎ ደግሞ ያንን አይናገርም።

ሐዋሳ_ፓርክ፦ ታዲያ 吃过饭了 ለምን ይባላል? «ምሳ በልቼ አውቃለሁ» ማለት አይደለም።

ቻንግሻ_ነጋዴ፦ እሱ ሌላ ጉዎ ነው፣ «ጨርሻለሁ» የሚለው። በየቀኑ ከሚጠበቅ ነገር ጋር ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም ለ ይከተለዋል።

ጓንግዡ_በር፦ ሌላ ጉዎ ነው ማለት አልዋጥልህም። ያው አንዱ ጉዎ ነው፣ ሰፋ ብሎ እንጂ።

ሳይት_አስተርጓሚ፦ አምስቱንም አስተካከልኩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ቀረኝ፦ ግድግዳው ላይ የደህንነት ማስታወቂያ ተሰቅሏል ለማለት 墙上挂了安全标语 ነው ወይስ 挂着 ?

ቀለም_ቀንድ፦ ሁለቱም ይባላል። 挂着 አሁን የሚታየውን ይገልጻል፣ 挂了 ደግሞ አንድ ሰው እንደሰቀለው ያስታውሳል። የሳይቱን ሁኔታ የምትዘረዝሪ ከሆነ 挂着 ፣ ዛሬ የሠራችሁትን የምትቆጥሪ ከሆነ 挂了 ። የትኛው ክፍል ውስጥ ነው የጻፍሽው?