ክርክር፦ ሊሚት የፈሪ ነው?

«ሊሚት የፈሪ ነው። ዜና ሲወጣ ባይ ስቶፕ ጥሎ መጠበቅ ነው የወንድ ሥራ።» (ትናንት ማታ እዚሁ የተጻፈ)

የአራዳው፦ የወንድ ሥራውን አርብ 9:30 ላይ ቀመስኩት። ወርቅ 3,300 አካባቢ ነበር። ባይ ስቶፕ 3,305፣ ስቶፕ ሎስ 3,300፣ ቴክ ፕሮፊት 3,315 አልኩ። የአሜሪካ የሥራ መረጃ ሲወጣ ያስገባኝ በስንት ነው? 3,308.40! ወዲያው ተመልሶ ወረደና 3,299.40 ላይ ዘጋኝ። 0.10 ሎት ነው። 50 ዶላር ልከስር ተዘጋጅቼ 90 ሄደ።

ፋሲል ትሬደር፦ ብሮከርህ ሌባ ነው። ቀይር።

ጋሽ መዝገብ፦ ሌባ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ግን ማስረጃ አይሆንም። ባይ ስቶፕ ዋጋው ሲነካ ማርኬት ኦርደር ይሆናል። 3,305 ማለት «አሁን ግዛልኝ» የሚል ደወል ነው፤ «በዚህ ዋጋ ግዛልኝ» አላልክም። በዚያች ሰከንድ እዚያ ዋጋ ላይ ሻጭ ከሌለ ቀጥሎ ያለው ሻጭ ጋ ትሄዳለህ። ስቶፕ ሎስህም ያው ስቶፕ ነው። 60 ሳንቲሟ በዚያ ሄደች። ደግሞ ልብ በል፤ አምስት አስይዘህ አሥር ልታገኝ ነበር። 3,308.40 ላይ ስትገባ ግን 8.40 አስይዘህ 6.60 ፈላጊ ሆነሃል። ያ ንግድ ገና ሲከፈት ተበላሽቷል።

የማራኪ ልጅ፦ የፈሪ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌን አላጥፍም። ሊሚታችሁን 3,298 ላይ ጥላችሁ ቁጭ በሉ። ወርቅ 3,330 ሲገባ ጨጓራችሁን እያሻሻችሁ ታዩታላችሁ።

የአራዳው፦ እሱ ነው እንግዲህ ጀግናው። ባለፈው ወር አካውንቱ ስንት ጊዜ እንደተቃጠለ ፒያሳ ሁሉ ያውቃል።

ጋሽ መዝገብ፦ ተዉ፣ ልጁ ግማሹን ልክ ነው። ሊሚት ዋጋህን ይጠብቅልሃል እንጂ መግባትህን አይጠብቅም። የባሰውን ደግሞ እሱ አላነሳውም፦ ዋጋው ሲናድ ሊሚትህ ይሞላል፤ ጥሎህ ሲሮጥ አይሞላም። ስለዚህ የተሸነፉትን ንግዶች በሙሉ ታገኛለህ፣ ካሸነፉት ግን ብዙዎቹ ያመልጡሃል።

የአዘዞዋ፦ የኔስ ባይ ስቶፕ? መብራት ሄዶ ስልኬም ጠፍቶ ነበር። ስከፍተው 3,305 ላይ ተገዝቶልኛል። ማን ገዛው? ደግሞ ቻርቱ 3,305ን ጭራሽ አልነካም! «የወንድ ሥራ» የተባለውንም አይቻለሁ፤ በኋላ እመጣበታለሁ።

ጋሽ መዝገብ፦ እህቴ፣ ትዕዛዙ ስልክሽ ላይ አይደለም ያለው፣ ሰርቨር ላይ ነው። መብራት ቢሄድም ይነሳል፤ ስለዚህ ማብቂያ ሰዓት ስጪው። ቻርቱ የሚያሳይሽ ቢድን፣ የምትሸጪበትን ዋጋ ነው፤ ባይ ስቶፕ የሚነሳው በአስክ፣ በምትገዢበት ዋጋ ነው። ዜና ሲወጣ ስፕሬዱ ከ30 ሳንቲም ሁለት ዶላር ቢሆን፣ ቢድ 3,303.20 ላይ እያለ አስክ 3,305.20 ይሆናል። ቻርትሽ ምንም ሳያይ ገባሽ ማለት ነው። የአስክ መስመሩን አብሪው፣ ታይዋለሽ።

ፋሲል ትሬደር፦ መፍትሔው እኮ ቀላል ነው። Buy Stop Limit። ስቶፕ 3,305፣ ሊሚት 3,306። ከ3,306 በላይ አይገዛም። አለቀ።

ጋሽ መዝገብ፦ አክሲዮን ገበያ ላይ ልክ ነህ። MT5 ላይ ግን ሊሚቱ ከስቶፑ በታች እንዲሆን ነው የሚፈልገው። 3,305 ሲነካ 3,303 ላይ ሊሚት ይጥልልሃል፤ ማለትም ሰብሮ ሲመለስ ይገዛልሃል። ዲሞ ላይ ሞክረው።

ፋሲል ትሬደር፦ ...አልተቀበለኝም።

የማራኪ ልጅ፦ 😂 አለቀ ያልከው አንተ ነህ።

የአራዳው፦ ታዲያ ጋሼ፣ በእጄ ማርኬት ብጫንስ?

ጋሽ መዝገብ፦ ያው ማርኬት ነው፣ የዘገየ ብቻ። አንተ ቁጥሩን አንብበህ፣ ኔትወርክ ተሸክሞልህ እስኪደርስ ዋጋው ሄዷል። እኔ ዜናው ከወጣ በኋላ ስፕሬዱ ወደ ቦታው እስኪመለስ እጠብቃለሁ። ከዚያ የተሰበረው ዋጋ ላይ ሊሚት እጥላለሁ። ብዙ ጊዜ ያመልጠኛል። ባይ ስቶፕ ግድ ከሆነ ደግሞ አራት ዶላር ከፍ ብሎ እንደሚያስገባኝ ቆጥሬ ሎቱን እቀንሳለሁ። የአራዳው ስቶፕ ሎስ አምስት ሳይሆን ዘጠኝ ዶላር ብሎ ቢያሰላ ኖሮ 0.05 ነበር የሚገባው።

የማራኪ ልጅ፦ ስለዚህ ጋሼም ፈሪ ነዎት።

ጋሽ መዝገብ፦ ነኝ። በጥር 2015 እ.ኤ.አ. የስዊዝ ማዕከላዊ ባንክ የዩሮን የ1.20 ፍራንክ ወለል በድንገት ሲያነሳ፣ እዚያ አጠገብ ስቶፕ የጣሉ ሰዎች የት ወርደው እንደተዘጉ ጠይቅ። አንዳንዱ ያስያዘው አልቆ ለብሮከሩ ባለዕዳ ሆኗል።

የማራኪ ልጅ፦ እኛ ወርቅ ነው የምንነግደው፣ ፍራንክ አይደለም።

የአዘዞዋ፦ ስቶፕ ስቶፕ ነው፣ ሰምተሃል። አሁን ወደ «የወንድ ሥራ» እንመለስ።

የማራኪ ልጅ፦ ኧረ እህቴ፣ ለአባባል ያህል ነው።

የአራዳው፦ 90 ዶላሬም ለአባባል ያህል ሄደች።