ኑዛዜ ላይ ለልጆቼ አሳዳጊ ስሰይም ተጠባባቂም ልጨምር?

የልጆቹ እናት (ቱሉ ዲምቱ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ባለቤቴ ካረፈ 3 ዓመት ሆነው። የ6 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉኝ፤ ያለነው ኮንዶሚኒየም ነው፣ በትዳር ላይ እያለን የደረሰን። አንድ ነገር ብሆን እህቴ የልጆቹ ሞግዚት እንድትሆን መናዘዝ እፈልጋለሁ። ያለችው ግን ዱባይ ነው። ባይሳካላትስ ብዬ የባለቤቴን ታናሽ ወንድም ተጠባባቂ ላድርግ? እንዴት ነው የሚጻፈው?

ማሚ ዘአያት፦ እህቴ፣ እኔ ጋ የነበረች ሞግዚት ሥራ እየፈለገች ነው። ልጅ አያያዟን ብታዪ! ተመላላሽ ብቻ ናት። ውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ሰፈርተኛው፦ ማሚ፣ ተረጋጊ 😄 ስለ ሠራተኛ አይደለም የጠየቀችው። እህቴ፣ ቀላል ነው። ኮምፒውተር ቤት አስጽፈሽ ፈርሚበት፣ ወረዳ ማኅተም ያድርጉልሽ፣ አለቀ። ተጠባባቂ መሰየምሽ ግን ጥሩ ነው።

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦ ሰፈርተኛው በተጠባባቂው ልክ ነህ፣ በአጻጻፉ ግን ልጅቷን ገደል ልትከታት ነው። ኮምፒውተር ቤት ተጽፎ ፊርማ ብቻ ያረፈበት ወረቀት፣ ማኅተም ቢደረግበትም ኑዛዜ አይሆንም። መዝገብ ቤት ስሠራ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው መጥተው አልቅሰው የሄዱ ብዙ ናቸው።

ልጄ፣ ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራስሽ እጅ መጻፍ ነው። "ይህ ኑዛዜዬ ነው" ብለሽ በግልጽ ታሰፍሪያለሽ፤ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ ቀንና ፊርማ ታኖሪያለሽ። ምስክር አያስፈልግም። ነገር ግን በ7 ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይወድቃል። ሁለተኛው፣ በአንቺና በ4 ምስክሮች ፊት የሚነበበው ነው። መነበቡ ራሱ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፣ ሁላችሁም እዚያው ትፈርማላችሁ። ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው "በፊታችን ተነቧል" የምትለው መስመር ተረስታ ነው። ውልና ማስረጃ ሄደሽ ከምስክሮቹ አንዱ ሹሙ ከሆነ 2 ይበቃሉ።

ተጠባባቂውን "ባይመቻት" ብለሽ አትጻፊ። ለአንቺ ገብቶሻል፣ ለዳኛ ግን አይገባም። መቼ እንደሚተካ ቁረጪው፦

"ስሞት ልጆቼ 18 ዓመት ያልሞላቸው ከሆነ እህቴ እገሊት አሳዳሪያቸውና ሞግዚታቸው ትሁን። ቀድማኝ ብትሞት፣ ኃላፊነቱን አልቀበልም ብትል ወይም በሞትኩ በ3 ወር ውስጥ አገር ቤት ገብታ ልጆቹን ባትረከብ፣ በእሷ ቦታ የባለቤቴ ወንድም እገሌ ይተካ።"

ሌላም አለ። ሕጉ ልጁን የሚያሳድገውንና ንብረቱን የሚያስተዳድረውን ይለያል። የመጀመሪያው አሳዳሪ፣ ሁለተኛው ሞግዚት ይባላል። ስለዚህ እህትሽን "ሞግዚት" ብቻ ካልሽ ግማሹን ነው የሰጠሻት። ለሁለት ሰው ማካፈልም ትችያለሽ። ከቤቱ የአባታቸው ድርሻ ላይ ልጆቹ ከአሁኑ ወራሾች ናቸው፣ ያንን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ማንም ቢይዘው ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ሊሸጠው አይችልም።

ታናሽ ወንድም፦ የእኛን ቤት ልንገራችሁ። ወንድሜና ሚስቱ አንድ ወረቀት ላይ አብረው ተናዘዙ፣ አብረው ፈረሙ። በመኪና አደጋ ተከታትለው ሞቱ። ወረቀቱ ላይ እኔ ነበርኩ የተሰየምኩት። ፍርድ ቤት "ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ መናዘዝ አይችልም" ብሎ ጣለው። ልጁን እናቴ ወሰደች። ጥሩ እያሳደገችው ነው፣ ግን 71 ዓመቷ ነው።

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦ ነፍስ ይማር። አዎ፣ ባልና ሚስት ቢሆኑም ለየብቻ ነው የሚናዘዙት። ኑዛዜ ሲታጣ አያቶች ቀድመው ይመጣሉ፣ ቀጥሎ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድምና እህት፣ ከዚያ አጎትና አክስት።

ቤቲ (ለገጣፎ)፦ እኔ ፍቺ ላይ ነኝ። አባታቸው አይረባም። ለእህቴ ብናዘዝ ከእሱ ያስጥልልኛል?

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦ አያስጥልም ቤቲ። አባት በሕይወት እያለ እሱ ነው የሚቀጥለው። አይገባውም የምትይ ከሆነ ማስረጃሽን ይዘሽ ፍርድ ቤት መክሰስ ነው፤ ኑዛዜ ያንን አይሠራልሽም። ለገጣፎ ከሆንሽ ደግሞ የሚያየው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው፣ እዚያው ያለ ጠበቃ አማክሪ።

የልጆቹ እናት፦ ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ። ወንድሙ ልጆቹን ከተረከበ በኋላ እህቴ በዓመቱ ብትመጣስ? ትረከበዋለች?

ሰፈርተኛው፦ ኑዛዜው ላይ "ስትመለስ ትረከብ" ብለሽ ጻፊያ።

ታናሽ ወንድም፦ እኔ አልስማማም። ልጆች አንዴ ከለመዱ ቤት እንደ ዕቃ አይነሡም።

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦ መጻፉ አይከለከልም። ዳኛው ግን ያኔ ልጆቹ እንዴት እንዳሉ ነው የሚያየው። ከአሁኑ ቃል ልሰጥሽ አልችልም።

የልጆቹ እናት፦ እህቴ ዛሬ ማታ ትደውላለች። እስካሁን እሷን ራሷን አልጠየቅኳትም እኮ።