በመተካት y = 2፣ በማስወገድ y = 10፦ የቱ ጋ ነው የተበላሸው?

ሰላም፣ የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ወርክሺት ላይ አንድ ጥያቄ አላላውስ ብሎኛል። እኩልታዎቹ 2x + 3y = 12 እና x − y = 1 ናቸው፤ በመተካትም በማስወገድም ሥሩና አረጋግጡ ይላል።

በመተካት ቀላል ነበር። ከሁለተኛው x = y + 1 አወጣሁና የመጀመሪያው ውስጥ ሳስገባው 2(y + 1) + 3y = 12፣ ማለትም 5y = 10 ሆነ። y = 2፣ x = 3። ሁለቱም ላይ ይሠራል፦ 6 + 6 = 12፣ 3 − 2 = 1።

ማስወገድ ላይ ነው ጉዱ። x እንዲጠፋ ሁለተኛውን በ2 አባዛሁት፣ 2x − 2y = 2 ሆነ፣ ይሄንን ከመጀመሪያው ስቀንስ y = 10 መጣልኝ፣ ስለዚህ x = 1 + 10 = 11። የሚገርመው x − y = 1 ላይ ይሄም ልክ ነው፣ 11 − 10 = 1! የመጀመሪያው ላይ ግን 22 + 30 = 52 ይሰጣል። 12 የት፣ 52 የት!

በቀኝ በኩል 12 − 2 = 10 ነው፣ እሱ ላይ ጥርጣሬ የለኝም። የምጠረጥረው ከ3y ላይ −2y ሲቀነስ ያለውን ምልክት ነው። 3y − 2y ብዬ ነው የጻፍኩት፤ 3y + 2y ነው እንዴ የሚሆነው? ደግሞስ የተሳሳተ መልስ አንዱን እኩልታ እንዴት ያልፋል? x ን ያገኘሁት ከዚያው እኩልታ ስለሆነ ነው? የምታውቁ እባካችሁ መስመር በመስመር አሳዩኝ።