የአባቴ የእግር አውራ ጣት ሌሊት አብጦ አላስረግጥ አለው፣ ተሰብሮ ይሆን?

የጣና ዳሯ፣ ከሌሊቱ 9፡20
የነቃ ሰው ካለ እባካችሁ! አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ማታ ደህና ተኝቶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በጩኸት ቀሰቀሰን። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ሥሩ ላይ አብጧል፣ ቀልቷል፣ ቆዳው ያብለጨልጫል። አንሶላ ሲነካው እንኳ ይጮኻል። ከ3 ቀን በፊት ዘጌ ላይ ከጀልባ ሲወርድ ድንጋይ መቶት ነበር። ተሰብሮ ነው አይደል? በምን ልሰረው? ሲነጋ ወጌሻ ልጥራ?

ባለታንኳው
አይዞሽ እህቴ። በረዶ አድርጊለት። በጨርቅ ጠቅልለሽ እንጂ በቀጥታ ቆዳው ላይ አይደለም።

ሰላሙ ቀበሌ 14
ጀልባው ድንጋዩን መታው ወይስ ድንጋዩ አባትሽን? ለማንኛውም ድንጋዩ ደህና ነው?

የጣና ዳሯ
ወንድሜ አሁን የቀልድ ሰዓት አይደለም።

መምህር ጎጃሜ
ልጄ፣ ይሄ ሪህ ነው። ጥሬ ሥጋ፣ ዱለት፣ ጠላ፣ አረቄ! ድሮ የነገሥታት በሽታ ይባል ነበር፤ አሁን በየሰርጉ ሁላችንም ነገሥታት ሆነናል። ሥጋ የሚበላ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይከፍላል። ከዛሬ ጀምሮ ሽሮ ብቻ ይብሉ፣ በቃ ይድናሉ። ዩሪክ አሲድ ያስመርምሩ። ከፍ ካለ ሪህ ነው፣ ልክ ከሆነ ሪህ አይደለም።

ባለታንኳው
በረዶ አደረግሽለት? 15 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ አርፎ እንደገና።

ፋኖስ (ጤና መኮንን ነኝ)
እህቴ፣ መጀመሪያ ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅሽ። ድንጋዩ ከመታቸው በኋላ በነዚያ 2 ቀናት እንዴት ይራመዱ ነበር? ስኳር አለባቸው? ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ቁስል አለ? ትኩሳት ለክታችኋል?

የጣና ዳሯ
ደህና ይራመድ ነበር። ትናንት ማኅበር ሄዶ ውሏል፣ ዱለትም ጠላም ነበረ፣ አልዋሽም። ስኳር የለበትም። ለግፊት ኤናላፕሪልና የሚያሸናውን ኪኒን ይወስዳል። ጨጓራም አለበት። ጥፍሩ አጠገብ ትንሽ ተጭራለች፣ ድንጋዩ ያደረገው ነው። አሁን ለካሁት፣ 37.9።

ፋኖስ
እሺ። ስብራት ቢሆን ኖሮ ከዚያው ሰዓት ጀምሮ ነበር የሚያማቸው። 2 ቀን ሙሉ ደህና ተራምደው፣ ማኅበር ውለው፣ ድንገት ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳ ሕመም ሪህን ይመስላል። ቦታውም የሪህ ነው። የሚያሸናው ኪኒን ዩሪክ አሲድ ያጠራቅማል። ምቱ ራሱ ደግሞ ሪህን ሊቀሰቅስ ይችላል። ስለዚህ ድንጋዩ ምንም አላደረገም ማለት አይደለም፣ ሰባሪ ላይሆን ቀስቃሽ ሊሆን ይችላል።

ግን ተረጋጊ አልልሽም። ያቺ ጭረት አለች፣ 37.9ም አለ። ሪህ ብቻውንም መጠነኛ ትኩሳት ያመጣል። መገጣጠሚያ ውስጥ ጀርም ሲገባም እንዲሁ ቀይ፣ ትኩስና ያበጠ ነው። በዓይን አይለይም፣ እኔም ቆሜ ባየው በእርግጠኝነት አልለየውም። የሚለየው መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ፈሳሽ በመርፌ ተቀድቶ ሲታይ ነው።

መምህር ጎጃሜ
እኔ ያልኩትን ነው የደገምሽው።

ፋኖስ
ጋሼ፣ በሪህ ላይ ተስማምተናል። የዩሪክ አሲዱ ነገር ግን እንደዚያ አይደለም። ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት ደም ሲመረመር ልክ ሊወጣ ይችላል፤ ሕመሙ ካለፈ ከ2 ሳምንት በኋላ መድገም ይሻላል። ከፍ ማለቱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ከፍ ብሎባቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሪህ የማያውቁ ብዙ ናቸው። ሥጋውም ቢሆን ያባብሳል እንጂ ዋናው ነገር ኩላሊት ዩሪክ አሲዱን በበቂ አለማስወጣቱ ነው። ሽሮ ብቻ ቢበሉም ሊመለስ ይችላል።

ባለጀልባው ልጅ
እኔም እንደዚህ ሆኖ ነበር፣ ጉልበቴ ላይ። ኮልቺሲን በየሰዓቱ ዋጥ ብሎኝ አንድ ሰው፣ ሆዴ እስኪለቅ ድረስ ዋጥኩ። ሕመሙ ሄደ፣ እኔም ሄድኩ፣ ሽንት ቤት ነው የነጋው 😂 ኮልቺሲን ግዢ፣ ይሠራል።

ፋኖስ
የድሮ አወሳሰድ ነው፣ አሁን አይደረግም። በአሁኑ ልማድ መጀመሪያ 1 ሚሊግራም፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 0.5 ይሰጥና ለዚያ ቀን ያበቃል። እሱም ኩላሊታቸው ሳይታይ አይደለም። እህቴ፣ አሁን ቤት ውስጥ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳትሰጪ። በሪህ የሚሠሩ መድኃኒቶች ናቸው፣ ግን አባትሽ ጨጓራ አላቸው፣ ኤናላፕሪልና የሚያሸና ላይ ሲጨመሩ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳሉ። ለጊዜው ፓራሲታሞል 1 ግራም ስጫቸው። ያሁኗን የሙቀት ቁጥር ግን ጽፈሽ ያዢ፣ ፓራሲታሞሉ ስለሚሸፍናት።

ባለታንኳው
በረዶስ?

ፋኖስ
አዎ ወንድሜ፣ በረዶ ጥሩ ነው 🙂 እግራቸውንም ከፍ ያድርጉ። አትሰሩት። ወጌሻም እንዳያሸው። ቀዩን መገጣጠሚያ ማሸት በሪህም ያሠቃያል፣ ጀርም ከሆነ ደግሞ ያባብሳል።

የአዲሱ ገበያ ልጅ
እቤት ያለ አሞክሳሲሊን ጀምሩላቸው፣ ለሁለቱም ይሆናል።

ፋኖስ
አይሆንም። ሪህን አይነካውም። ጀርም ከሆነ ደግሞ ፈሳሹ ሳይቀዳ ከተወሰደ ጀርሙን አሳድጎ በሚያሳየው የካልቸር ምርመራ ላይወጣ ይችላል፣ ሳይጠፋም ይደበቃል። የአማቴን ጉልበት ያበላሸው ይሄው ነው። ሪህ ነው ተብሎ፣ ፀረ ጀርሙ ግማሽ ተወስዶ፣ ስምንት ቀን ቆይቶ።

የጣና ዳሯ
እና አሁን ልውሰደው ወይስ ሲነጋ? ባጃጅ የለም በዚህ ሰዓት።

ፋኖስ
ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ካንቀጠቀጣቸው፣ ሙቀቱ 38 ካለፈ፣ ቅላቱ ወደ እግር ጀርባና ቁርጭምጭሚት ከሄደ፣ ወይም ጣቱ ላይ መግል ካየሽ አሁኑኑ ጎረቤት ቀስቅሺ። ካልሆነ 12 ሰዓት ላይ ውጡ፣ ከዚያ ግን አትቆዩ። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ድንገተኛ ሂዱ። ስትደርሱ "ድንጋይ መታው" ብቻ አትበሉ፣ ራጅ ታይቶ "አልተሰበረም" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ሌሊት እንደጀመረው፣ ጭረቱንና ትኩሳቱን ንገሯቸው። "ፈሳሹ ይቀዳ?" ብላችሁም ጠይቁ።

ሰላሙ ቀበሌ 14
ቀልዴን ይቅርታ። መኪና አለኝ፣ ካስፈለገ ደውይ በውስጥ።

የጣና ዳሯ፣ ከጠዋቱ 3፡10
ሰላሙ አድርሶናል፣ እግዚአብሔር ይስጠው። መንገድ ላይ 38.2 ሆነ። ደም ወስደዋል፣ ራጅ ታይቷል፣ ስብራት የለም። መጀመሪያ "ሪህ ነው፣ መድኃኒት ወስዳችሁ ሂዱ" ተባልን። ጭረቷን ሳሳያቸው ሌላ ሐኪም መጣና ፈሳሹን በመርፌ ሊቀዱ ነው። አባቴ መርፌውን ሲያይ "ጠላ መች ጠጣሁ" እያለ ነው።

ፋኖስ
ጥሩ። ፈሳሹን ሲያዩ የሪህ ክሪስታል ቢያገኙም ጀርም የለም ማለት አይደለም፣ ሁለቱ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ካልቸሩ 2፣ 3 ቀን ሊፈጅ ይችላል። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ከጀመረ ውጤቱ ሳይመጣ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

መምህር ጎጃሜ
ዩሪክ አሲድ የሚቀንሰውን አሎፑሪኖልም ይዘዙላቸው።

ፋኖስ
ያ በዛሬው ቀን የሚወሰን አይደለም ጋሼ። ሕመሙ ሲበርድ፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ታይቶ ነው። ለምን ቢባል፣ ያለ መከላከያ መድኃኒት ሲጀመር ራሱ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። እህቴ፣ ስለ ግፊት ኪኒኑ ግን ዛሬውኑ አማክሪ፣ በራስሽ ግን አታቁሚ።

ባለጀልባው ልጅ፣ ከ4 ቀን በኋላ
ምን ሆነ? ካልቸሩ ወጣ?

ባለታንኳው
እኔም እጠብቃለሁ። በረዶው ረዳ?