የቤት ወጪው ይቀነስ ወይስ አይቀነስ?

ሰላም ወገኖች። ብድር ክፍል ገና አዲስ ነኝ፤ የተበዳሪው ገቢ የዓመቱን የብድር ክፍያ ስንት እጥፍ እንደሚሸፍን የሚያሳየው ስሌት ላይ ተጣብቄያለሁ። ተበዳሪው ዳቦ ቤት ያለው የግል ነጋዴ ነው።

የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ከግብር በኋላ 900,000 ብር የተጣራ ትርፍ ያሳያል። መጀመሪያ ይህንን ብቻ ለዓመቱ ክፍያ አካፍዬ 0.9 መጣልኝ፤ ደነገጥኩ። በኋላ የመጋገሪያው እርጅና ተቀናሽ 300,000 ብር በጥሬ ገንዘብ እንዳልወጣ ገባኝ፤ ትርፉ ላይ መልሼ ደመርኩት። ባለፈው ዓመት የተከፈለውን 200,000 ብር ወለድም መልሼ ደመርኩ፤ ያ ብድር ተከፍሎ አልቋል። ድምሩ 1,400,000 ሆነ።

በአዲሱ ብድር የክፍያ ሰሌዳ የመጀመሪያው ዓመት ዋና ገንዘብ 700,000፣ ወለዱ 300,000 ነው። 1,400,000 ለ1,000,000 ሲካፈል 1.4። የእኛ ዝቅተኛ መስፈርት 1.25 ስለሆነ ያልፋል።

ግን ሱቁ ሄጄ ሳወራው፣ በየወሩ 20,000 ብር ከካዝናው ለቤት ወጪ እንደሚያነሳ ነገረኝ። መግለጫው ላይ ግን የለም። ሌላ ገቢ የለውም። በዓመት 240,000 ብር ብቀንስ 1.16 ይሆንና ይወድቃል።

የሥራ ባልደረባዬ «የባለቤት ወጪ ነው፣ የድርጅቱ አይደለም» ይላል። እኔ ግን ልጆቹን ሳያበላ ብድር እንደማይከፍል አስባለሁ። እናንተ እንዲህ ዓይነቱን ትቀንሳላችሁ? ከቀነሳችሁስ፣ የክፍያ ዘመኑን ማርዘም ይሻላል ወይስ የብድሩን መጠን መቀነስ? ፋይሉን ከማቅረቤ በፊት እባካችሁ አስረዱኝ።