ባለቤቱ ራሱ የሚውልበት ድርጅት ላይ አምስቱን የውስጥ ቁጥጥር ክፍሎች ማየት ያስፈልጋል ወይ? (ክርክር)

ጠያቂ፦
ባለቤቱ ጠዋት ከፍቶ ማታ በሚዘጋው ትንሽ ኃ/የተ/የግ/ማ ላይ አምስቱን የውስጥ ቁጥጥር ክፍሎች፣ ማለትም የቁጥጥር ከባቢን፣ የስጋት ግምገማን፣ መረጃን፣ የቁጥጥር ተግባራትንና ክትትልን፣ መገምገም ከፋይል ማሟያ በቀር ምን ይጠቅማል? በቀጥታ ቫውቸሩን፣ ደረሰኙንና የባንክ ስቴትመንቱን ብንፈትሽ አይሻልም?

ነጋዴው፦
እኔ ኦዲተር አይደለሁም፣ ከፋይ ነኝ። ጥያቄው ግን የኔም ጥያቄ ነው። አምና ለኦዲት የመጡት ልጆች ሁለት ቀን ሙሉ «የሥነ ምግባር ደንብ አላችሁ ወይ? ስጋት የምትገመግሙት እንዴት ነው?» እያሉ ሲጠይቁኝ ዋሉ። አራት ሰው ነን እኮ! ገንዘብ የሚይዘው የእህቴ ልጅ ነው። ደረሰኙ በሙሉ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፣ አንድም የጠፋ የለም። እሱን ቆጥረው ቢሄዱ እኔም ሥራዬን እሠራ ነበር።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ጋሼ፣ ሳጥን ውስጥ ያለውን ደረሰኝ መቁጠር ቀላል ነው። ችግሩ ያልተቆረጠው ደረሰኝ ሳጥኑ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ከመዝገብ ተነስተህ ወደ ደረሰኝ ስትሄድ የምታረጋግጠው የተመዘገበው ሽያጭ እውነት መሆኑን ብቻ ነው። ያልተመዘገበ ሽያጭ በዚያ መንገድ ሺህ ቫውቸር ብታገላብጥም አይገኝም።

አንድ የማውቀውን ፋይል ልንገራችሁ፣ ስም አልጠራም። ፌሮ፣ ቆርቆሮና ቀለም የሚሸጥ የሁለት ወንድማማቾች ድርጅት ነው። ታላቁ ቢሮ ይውላል፣ ታናሹ ደንበኛ ያመጣል። ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር አለ፦ የካሽ ሬጅስተር ማሽን፣ በየቀኑ የሚታተም የዜድ ሪፖርት፣ ቁጥር ያለው የዕቃ ማውጫ ወረቀት። ኦዲት የሚያደርጉት ልጆች አንድ ሽያጭ ይዘው ከትዕዛዙ እስከ ባንክ ገቢው ድረስ በእግር ተከተሉት። መጋዘን ሲደርሱ ከልጆቹ አንዷ ለዕቃ ቤት ሠራተኛው «ሁልጊዜ ማውጫ ሳይመጣ አታወጣም?» አለችው። እሱም «ትንሹ ጌታዬ ከደወለ አወጣለሁ፣ ወረቀቱ በኋላ ይመጣል» አላት። በቃ፣ ነገሩ ከዚያ ተፈታ።

አሁን አምስቱን እዚህች መልስ ላይ አስቀምጧቸው። የቁጥጥር ከባቢው ታናሽ ወንድም በስልክ ሥርዓቱን መዝለል የሚችልበት፣ ማንም «ለምን?» የማይለው ከባቢ ነው። የድርጅቱ የራሱ የስጋት ግምገማ ደግሞ ገንዘብ ሳጥኑ ላይ ካሜራ አስተክሏል፣ ምክንያቱም ታላቁ የሚፈራው የካሽ ሌባ ነው። ኮንትራክተር በዱቤ ዕቃ እንደሚወስድና ደረሰኙ ሲከፍል ብቻ እንደሚቆረጥ አላሰበበትም። መረጃው የት ይቆማል? ማውጫው ዕቃ ቤት ይቀራል፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ጋ አይደርስም፣ ስለዚህ ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ የሚገባው ደረሰኝ ብቻ ነው። ማውጫን ከደረሰኝ የሚያስተያይ የቁጥጥር ተግባር የለም። ክትትሉም ታላቁ ወንድም በየሳምንቱ የባንክ ቀሪ ሂሳብ ማየቱ ብቻ ነው።

ሞዴል 19፦
እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የውስጥ ኦዲት ላይ ነኝ። ጥያቄው የውስጥ ኦዲት ክፍል ትንሽ ድርጅት ያስፈልገዋል ወይ ከሆነ መልሴ አያስፈልገውም ነው፣ ደመወዙን አይችልም። እኛ ጋ ዕቃ በሞዴል 19 ይገባል፣ በሞዴል 22 ይወጣል። እኛ ደግሞ ዕቃ ቤቱ የሚይዘውን ቢን ካርድ በንብረት መዝገብ በኩል ከሚያዘው ስቶክ ካርድ ጋር እያስተያየን ሪፖርት እንጽፋለን። የሚጎድለው ሪፖርቱን ተቀብሎ እርምጃ የሚወስድ የበላይ ኃላፊ ነው። ያው ግኝት በየዓመቱ ይጻፋል።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ወንድሜ፣ ጥያቄው ስለ ውስጥ ኦዲት ክፍል አይደለም፣ እሱ የክትትል አንዱ መንገድ ብቻ ነው። ስለ እርምጃው ያልከው ግን ዋናው ነጥብ ነው። ያው ግኝት ዓመት ዓመት ከተጻፈ የውጭ ኦዲተሩ ሪፖርቱ መኖሩን አይቶ «ክትትል አለ» ማለት አይችልም። ሪፖርቱ መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀር ሁሉም ሠራተኛ ስለሚያውቅ፣ ነገሩ የከባቢው ድክመት ምልክት ይሆናል።

ሰኔ 30፦
በሁለተኛ ዓመቴ ላይ ያለሁ ጁኒየር ነኝ። እኛ የተማርነው ቁጥጥሩ ደካማ ከሆነ ሪስኩን «ከፍተኛ» ብለህ ትመዘግባለህ፣ ከዚያ የሳምፕል ቁጥር ትጨምራለህ። በፌሮው ድርጅትም ከ40 ደረሰኝ ወደ 80 ከፍ ማድረግ ይበቃል። አምስቱን ለየብቻ መተንተን ለምን አስፈለገ?

ቀይ እስክሪብቶ፦
ግማሹን አግኝተኸዋል። ግን 80 ደረሰኝ ስታነሳ አሁንም ያለኸው የተቆረጡት ደረሰኞች ውስጥ ነው። የበዛው ሥራህ እንጂ ማስረጃህ አይደለም።

ፋይሉ ላይ የተደረገው ይሄ ነው። ቁጥር ካላቸው ማውጫዎች መነሳትም አልበቃም፣ ምክንያቱም በስልክ የወጣ ዕቃ ማውጫም ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ የተነሱት ከግቢው ጥበቃ መዝገብ ነው። ጥበቃው የሚወጣ መኪና ሁሉ ታርጋና ሰዓት በእጁ ይጽፋል፣ ሽያጭ ተቆረጠ አልተቆረጠ እሱን አያገባውም። ከሰኔ ወር 30 መውጫ ተመረጠ። 26ቱ ማውጫም ደረሰኝም አላቸው። 3ቱ ማውጫ አላቸው፣ ደረሰኛቸው ግን የተቆረጠው ሐምሌ ላይ ነው፣ ማለትም የዘንድሮው ሽያጭ ወደሚቀጥለው ዓመት ሄዷል። 1ዱ ምንም የለውም። በሒሳብ መዝገቡ በኩል ቢሄዱ ኖሮ ከአራቱ አንዱም አይታይም ነበር።

ቆጠራውም ተቀየረ። በፊት ግንቦት ላይ ይቆጠርና እስከ ሰኔ 30 ያለው እንቅስቃሴ በመዝገብ ይስተካከል ነበር። በመሃል ያለውን እንቅስቃሴ ግን ማመን የምትችለው የመውጫው ቁጥጥር የሚሠራ ከሆነ ነው። ስለማይሠራ ሰኔ 30 ማታ ራሱ ተቆጠረ። ለኮንትራክተሮቹም «ያልከፈላችሁት ምን ያህል ነው?» የሚል ደብዳቤ በቀጥታ ከኦዲተሩ ተላከ።

የባንኩ በኩል ግን ሌላ ነው። የባንክ ማስታረቂያውን የምትሠራው ገንዘብ የማትነካ ሠራተኛ ናት፣ ታላቁ ወንድም በየወሩ ይፈርማል። እዚያ ቁጥጥሩን ፈትኖ በእሱ ላይ መደገፍ ይቻል ነበር። ጥቂት ወሮች ተመርጠው እንደገና ተሠሩ። ከዚያ ታላቁን «ይቺ ከአራት ወር በላይ ያልተመነዘረች ቼክ ምንድን ናት?» ሲሉት ለማን እንደተጻፈች፣ ለምን እንደቆየች፣ መቼ እንደደወለ ነገራቸው። አንብቦ ነው የሚፈርመው ማለት ነው። ስለዚህ የባንክ ሥራው ቀነሰ፣ የመጋዘኑ ጨመረ። ሁሉንም «ከፍተኛ» ብለህ ብትመዘግብ ኖሮ ሁለቱም ላይ እኩል ትለፋ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በተሻሻለው አይ ኤስ ኤ 315 በተባለው ዓለም አቀፍ የኦዲት ስታንዳርድ መሠረት ቁጥጥሩን ለመፈተን ካላሰብክ የምትወስደው ሪስክ ቁጥጥር እንደሌለ ተቆጥሮ የሚታየው የሂሳቡ የራሱ ሪስክ ነው። «ደህና ቁጥጥር ይመስላል» ብለህ ሳትፈትን ዝቅ ማድረግ አይፈቀድም።

ሰኔ 30፦
እሺ፣ መነሻው ላይ ተስማማሁ። ግን ከባቢው ከተበላሸ ሌሎቹን ማየት ምን ዋጋ አለው? ታናሹ ወንድም በስልክ የሚያዝ ከሆነ አራቱም ወደቁ ማለት አይደል?

የጀሞዋ፦
አይደለም። የባንክ ማስታረቂያው ያው ከባቢ ውስጥ ሆኖ ሠርቷል እኮ። ከባቢ፣ ስጋት ግምገማና ክትትል በአብዛኛው ድርጅቱን በሙሉ የሚያለብሱ ናቸው፣ የሚነግሩህም ሰዎቹን ምን ያህል ማመን እንዳለብህ ነው። መረጃውና የቁጥጥር ተግባራቱ ደግሞ ሽያጭ ሙሉ ነው ወይ፣ ዕቃው አለ ወይ ወደሚለው ወደ እያንዳንዱ ሂሳብ ያወርዱሃል። ሁለቱን አንድ ላይ ከደባለቅካቸው የት እንደምትቆፍር አታውቅም።

«ከፍተኛ ብሎ መመዝገብ» ላይ ደግሞ ወርልድኮምን አስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሰኔ ወር ላይ የአሜሪካው የስልክ ድርጅት ከ3.8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ እንደ ቋሚ ንብረት መዝግቦ መገኘቱን አመነ። ነገሩን ያገኙት የድርጅቱ የራሱ የውስጥ ኦዲተሮች ናቸው። ሐሰተኛ ምዝገባዎቹ የገቡት ከላይ በመጣ ትዕዛዝ፣ በዋና መሥሪያ ቤት በጆርናል ነው። የውጭ ኦዲተሩ አርተር አንደርሰን ደንበኛውን ከፍተኛ ሪስክ ካላቸው መካከል መድቦት ነበር። በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ሥራው ያንን ደረጃ የሚመጥን እንዳልነበረ አሳየ፤ ዋናውን የሂሳብ መዝገብ በኮምፒውተር ለማየት ሲከለከልም ተቀብሎ ቀጥሏል። ደረጃው ወረቀት ላይ ቀረ።

ነጋዴው፦
ወርልድኮም ከኔ ሱቅ ጋር ምን አገናኘው? እኔ ዕቃዬን ራሴ አያለሁ፣ ማታ ገንዘቡን ራሴ እቆጥራለሁ። የኔ ዓይን ቁጥጥር አይደለም?

የጀሞዋ፦
ነው ጋሼ። እንዲያውም እዚህ ላይ ከቀይ እስክሪብቶ ጋር ብዙ ጊዜ እንለያያለን። ትንሽ ድርጅት ላይ የባለቤቱ ዓይን ጠንካራ ቁጥጥር ሊሆን ይችላል፣ ስታንዳርዱም የተጻፈ ደንብ የለም ብለህ ጣለው አይልም። ልጆቹ «የሥነ ምግባር ደንብ አላችሁ?» ብለው ሲመጡ ከባንክ ኦዲት ፋይል የተገለበጠ ቅጽ ይዘው ነው የመጡት። መጠየቅ የነበረባቸው «የእህትህ ልጅ ታሞ ሲቀር ማን ይይዛል? ማታ ስትቆጥር ከምን ጋር ታስተያያለህ? የጎደለ ቀን ምን አደረግህ?» ነበር።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ጥያቄዎቹ ልክ ናቸው። የኔ ችግር ማስረጃው ነው። ጋሼ ማታ ቆጥሮ ከዜድ ሪፖርቱ ጋር አስተያይቶ ምንም ሳይጽፍ ከሄደ፣ በጥቅምት የመጣ ኦዲተር በመጋቢት መቆጠሩን በምን ያውቃል? ቃል ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛ፣ ሁሉን የሚያየው ሰው ሁሉን ማለፍም የሚችለው እሱ ነው። ለግብር ሽያጭ ማሳነስ ቢፈልግ የሚያስቆመው የለም። ለዚህ ነው በየትኛውም ድርጅት፣ ቁጥጥሩ የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ጆርናሎቹን መፈተሽ ግዴታ የሆነው።

የጀሞዋ፦
ሁለተኛው ላይ እስማማለሁ። የመጀመሪያው ላይ ግን አይደለም። ዜድ ሪፖርቱ ላይ ማታ ማታ የቆጠረውን ጽፎ ቢፈርምበት፣ የጎደለበትንም ቀን ቢያስቀምጥ፣ እኔ ፈትኜ እደገፍበታለሁ። አንተ ግን ያኔም «ባለቤቱ ራሱን ሲቆጣጠር ነው» ብለህ ትተወዋለህ።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ለካሽ ጉድለት እደገፍበታለሁ። ለሽያጭ ሙሉነት ግን አልደገፍም። እዚያ ላይ ቁጥጥሩም፣ ማለፍ የሚጠቅመውም ያው ሰው ነው።

ጠያቂ፦
የኔ ደንበኛ ጥበቃ የለውም፣ ግቢም የለውም፣ መንገድ ዳር ያለ ሱቅ ነው። ከምን ልነሳ?

የጀሞዋ፦
ከግዢው ተነስ። የገባው ዕቃ ሲደመር የዓመቱ መጀመሪያ ቆጠራ፣ ሲቀነስ የዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ፣ በብር ሳይሆን በዕቃ ብዛት፣ ዋና ዋናዎቹን ዕቃዎች ብቻ። የወጣው ብዛት ደረሰኝ ከተቆረጠለት ከበለጠ ጥያቄ አለህ። የመክፈቻ ቆጠራውን አምና ማን እንደቆጠረው ግን መጀመሪያ አጣራ።