ጡቴ አብጦ ቀልቷል፣ ትኩሳትም ይዞኛል፤ ማጥባቴን ልቀጥል? አንቲባዮቲክስ ልጀምር?

ጥያቄ፦ የአምስት ሳምንት አራስ፣ አዲስ አበባ

ትናንት ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ግራ ጡቴ በብብቴ በኩል ይጠዘጥዘኝ ጀመር፤ ሌሊቱንም ብርድ ብርድ ሲለኝ አደረ። ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስለካው ትኩሳቴ 38.7 ሆኗል። የታመመው ቦታ ቀልቷል፣ ሲነኩት ይፋጃል፣ ባለፈው ሳምንት የተሰነጠቀው የጡቴ ጫፍም ገና አልዳነም። አማቴ «የታመመ ጡት ወተት ልጁን ያሳምመዋል» ስላሉኝ ከሌሊት ጀምሮ የማጠባው በቀኙ ብቻ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ለእሱ ጉሮሮ ታዝዞለት የተረፈ ዘጠኝ ፍሬ አሞክሲሲሊን ስላለ እሱን ጀምሪ ይለኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?

የሦስት ልጆች እናት

እህቴ፣ ማጥባቱን በፍጹም እንዳታቋርጪ። እኔን በሁለተኛው ልጄ ጊዜ ይዞኝ ነበር። በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ እያደረግሁ፣ ጓሉን በዘይት ወደ ጫፉ አጥብቄ እያሸሁ፣ ልጁ ከጠባ በኋላም የቀረውን በመሣሪያ ጠብታ እስከማይቀር ድረስ እያለብሁ ነው የዳንሁት። ወተቱ ረግቶ መንገዱን ስለዘጋው እስኪወጣ ድረስ መታሸት አለበት።

አዋላጅ ነርስ፣ ባሕር ዳር

ማጥባትን በተመለከተ የተባለው ትክክል ነው፤ ስለ ማሸትና ስለ ማለብ የተባለው ግን ቀድሞ ሁላችንም እንመክረው የነበረና አሁን የተውነው ነገር ነው። የታመመው ቦታ የሚጠጥረው የረጋ ወተት እንደ ቡሽ ስለወተፈው አይደለም። በቱቦዎቹ ዙሪያ ያለው ሥጋ አብጦ ከውጭ ስለሚጫናቸው ወተቱ መተላለፊያ ያጣል። ያበጠ ሥጋ በኃይል ሲታሽ ደግሞ ይበልጥ ያብጣል፣ ይጎዳልም፤ ለዚህ ነው ሲታሹ የቆዩ እናቶች በማግስቱ ሰፋ ያለ ጓል ይዘው የሚመጡት። ከልጁ ፍላጎት በላይ ማለብም ጡቱ ወተት እንዲጨምር ስለሚያዘው ችግሩን ይመልሰዋል።

ስለዚህ ግራውን ጡት አሁኑኑ መልሺለት፤ ልጅሽ በፈለገው ጊዜ፣ በቀንም በሌሊትም፣ እንደ ወትሮው ይጥባ። ለአማትሽም ወተቱ ልጁን እንደማያሳምመው በአክብሮት ንገሪያቸው፤ ጀርም ቢገኝበት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በልጁ አፍና በአንቺ ቆዳ ላይ የኖረው ያው ጀርም ነው። ጡት በድንገት ሲቋረጥ ግን ወተቱ ይጠራቀምና መግል የመቋጠር ዕድሉ ይጨምራል። አንድ ነገር አስቀድመሽ ብታውቂው መልካም ነው፤ የታመመ ጡት ወተት ትንሽ ጨው ጨው ይላል። ልጁ ጎርሶ ፊቱን አጨማድዶ ቢለቀው ተበክሎ ነው ብለሽ አትደንግጪ፤ ጥቂት ቆይተሽ ደግመሽ ስጪው። እምቢ ካለ ልጁ ይጠባው የነበረውን ያህል ብቻ በእጅሽ አልቢው።

ካጠባሽ በኋላ በረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ በፎጣ ጠቅልለሽ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አሳርፊበት። እጅሽን ማሳረፍ ከፈለግሽ ድመት እንደሚዳብሱት ያህል ብቻ ከጡቱ ወደ ብብትሽ ዳብሺው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም አስም ከሌለብሽ 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን ምግብ በልተሽ በየስምንት ሰዓቱ መውሰድ እብጠቱንም ሕመሙንም ይቀንሳል፤ ካልተስማማሽ ፓራሲታሞል ውሰጂ። ሁለቱም ለምታጠባ እናት ይፈቀዳሉ።

አሁን ደግሞ እስክሪብቶ አምጪና በቀላው ቦታ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን አስምሪ፤ ከጎኑም ሰዓቱን ጻፊ። ማታ ስታዪው መቅላቱ ከመስመሩ አልፎ ከወጣ እየባሰ ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ እየተሻለሽ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው እናቶች መቅላቱን ላያዩት ይችላሉ፤ እነሱ የእጃቸውን ጀርባ አስጠግተው የሚፋጀው ቦታ የት ድረስ እንደሆነ ያስምሩ። ትኩሳትሽን የምትለኪው መድኃኒት ልትውጪ ስትይ ይሁን፤ ከዋጥሽ በኋላ ከሆነ መድኃኒቱ ያወረደውን ቁጥር አይተሽ ዳንሁ ትያለሽ።

አንዲት እናት፣ ከሪያድ

የእኔም እንዲሁ ነበር። በወለድሁ በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ጡቶቼ እንደ ድንጋይ ግት ብለው ትኩሳትም ነበረኝ፤ ያለ ምንም መድኃኒት በሁለት ቀን ለቀቀኝ። ወተት ሲገባ የሚመጣ ነገር ስለሆነ አትጨነቂ።

አዋላጅ ነርስ፣ ባሕር ዳር

የአንቺ ወተት ሲገባ የሚመጣው ግት ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱንም ጡት ይይዛል። የእሷ ልጅ የአምስት ሳምንት ነው፣ የታመመውም የአንዱ ጡት አንድ በኩል ብቻ ነው። በወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 38 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት የሚይዛቸው እናቶች ደግሞ ነገሩን በጡት አሳብበው ቤት እንዳይቀሩ እለምናለሁ፤ የማሕፀን ኢንፌክሽንም እንዲሁ ስለሚጀምር መታየት አለባቸው።

ፋርማሲስት

ስለ ተረፈው አሞክሲሲሊን ልመልስልዎ። አይጀምሩት። ለዚህ ሕመም በአብዛኛው ምክንያት የሚሆነው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የሚባለው ጀርም ነው፤ ይህ ጀርም ደግሞ ብዙውን ጊዜ አሞክሲሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ያመርታል። ስለዚህ ለጉሮሮ የሠራው መድኃኒት ለጡት ላይሠራ ይችላል። ዘጠኝ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ቢወሰድ የሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ትኩሳቱን ለጊዜው ጋብ አድርጎ ከሥሩ መግል እየተቋጠረ ሊቆይ ይችላል።

ሐኪም አንቲባዮቲክስ ያስፈልጋል ካለ በአገራችን በአብዛኛው የሚታዘዘው ክሎክሳሲሊን 500 ሚሊ ግራም በየስድስት ሰዓቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ነው። ከምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ስለማይሠራ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ከበሉ ሁለት ሰዓት በኋላ ይውጡት፤ አራስ ቤት ገንፎውና አጥሚቱ ስለሚደጋገም ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንዳንድ ሐኪሞች ሴፋሌክሲን ያዛሉ፤ እሱ ከምግብ ጋርም ይወሰዳል። ፔኒሲሊን የማይስማማዎት ከሆነ ግን ከመታዘዙ በፊት ይናገሩ፤ ለእሱ ሌላ ምርጫ አለ። ልጅዎ ዐይነ ምድሩ ሊቀጥን ይችላል፤ ይህ ማጥባት የሚያስቆም አይደለም።

ጠቅላላ ሐኪም

አንቲባዮቲክስ መቼ ይጀመር በሚለው ላይ ሁላችንም አንድ ዓይነት አንመልስም። ጡት ቀልቶና ትኩሳት ኖሮ በጀርም ያልመጣ፣ እብጠት ብቻ የሆነ ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው በማጥባት፣ በማቀዝቀዝና በማስታገሻ በአንድ ቀን ውስጥ ይበርዳል። ስለዚህ እናትየዋ ጠንከር ያለች ከሆነች 24 ሰዓት መጠበቅ ተገቢ ነው፤ አዲሱ መመሪያም ወደዚህ ያደላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጽሑፍ ግን ገና ከጅምሩ የከበደ ሕመም ሲኖር ወይም የጡት ጫፍ መሰንጠቁ ሲታይ አንቲባዮቲክስ መስጠትን ይመክራል። የጠያቂዋ ጫፍ ተሰንጥቋል፣ ሌሊቱን ሲያንቀጠቅጣት አድሯል። እኔ ብሆን ማታ እስኪሆን አልጠብቅም፤ ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ ዛሬ ከሰዓት በፊት እንድትታይ እፈልጋለሁ። የሥራ ባልደረባዬ በግራው ማጥባት ተጀምሮ እስከ ማታ ይታይ ቢሉ ግን ተሳሳቱ አልልም።

ምንም ሰዓት የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ልብ በፍጥነት ሲመታ፣ ራስ ሲያዞር፣ ስታስታውክ መድኃኒት አልረጋላት ሲል ወይም ቅላቱ በሰዓታት ውስጥ ሲስፋፋ እናትየዋ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባት፤ መድኃኒቱ በደም ሥር ሊያስፈልጋት ይችላል። ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖር እናት ደግሞ ከታመመው ጡት ታልቦ እንዲደፋ፣ ልጁ በጤነኛው እንዲጠባ ስለሚመከር በዚያው ቀን ክትትል የምታደርግበት ቦታ ትጠይቅ።

ያለፈብኝ

እኔ አማቴን ሰምቼ አቁሜ ነበር። በስድስተኛው ቀን ጓሉ መሐሉ ላይ ለስለስ ብሎ በጣቴ ስጫነው ውሃ እንዳለበት ከረጢት ይዋልል ጀመር፤ ክኒኑን እየዋጥሁም ትኩሳቱ ማታ ማታ ይመለስ ነበር። በአልትራሳውንድ ሲታይ መግል ነው። በመርፌ ሳቡልኝ፤ በሦስተኛው ቀን እንደገና መሳብ አስፈለገ። የገረመኝ ሐኪሙ በዚያው ጡት አጥቢ ማለታቸው ነው። እኔ ቢላዋና ስፌት ፈርቼ ስንት ቀን አባክኛለሁ።

ጠያቂዋ፣ ከሦስት ቀን በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በዚያው ጠዋት ግራውን ሰጠሁት፤ መጀመሪያ ፊቱን አጨማደደ፣ በሁለተኛው ያዘው። አይቡፕሮፌን ወስጄ፣ በረዶም አድርጌ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ሳየው ቅላቱ ከመስመሩ ሁለት ጣት ያህል አልፎ ነበር፤ ትኩሳቴም መድኃኒቱን ልወስድ ስል 38.9 ሆነ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ክሎክሳሲሊን ለአሥር ቀን ታዘዘልኝ። በማግስቱ ብርድ ብርዱ ቆመ፣ ዛሬ ትኩሳቴ 36.8 ነው፣ መስመሩም ውስጥ የቀረው ሐምራዊ ጥላ ብቻ ነው። ነገር ግን የለውዝ ፍሬ የምታህል ጓል ብብቴ ጋር ቀርታለች፤ ያስፈራል? ልጁ ሲጠባም ጫፉ አሁንም እንደ መርፌ ይወጋኛል።

አዋላጅ ነርስ፣ ባሕር ዳር

ትኩሳቱ በሁለት ቀን ውስጥ ካልወረደ መድኃኒቱን ለመቀየርና በአልትራሳውንድ ለማየት መመለስ ይገባሽ ነበር፤ ወርዶልሻል። ክኒኑን እስከ አሥረኛው ቀን ጨርሺው። እየቀነሰች የምትሄድ ጓል ከሳምንት በላይ ልትቆይ ትችላለች፤ አትሺያት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልጠፋች ወይም ካደገች፣ ወይም ከላይኛዋ እህት እንደሰማሽው መሐሏ ከለሰለሰ ግን አልትራሳውንድ ይታዘዝልሽ። ጫፉን በተመለከተ እዚህ ተጽፎ የሚፈታ አይደለም፤ ልጁ ሲይዝ አፉን ገጥሞ ጫፉን ብቻ ይሁን፣ ወይም ከጥቁሩ ክብ ጭምር ይጉረስ፣ አንድ ሰው ሲያጠባሽ በዐይኑ ማየት አለበት። ለክትባት ስትሄጂ በዚያው አዋላጅ ጠይቂና ፊቷ አጥቢ።